በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ አጠገብዎ ከተቀመጠ ሰው ጋር ጨዋታ ለመክፈት፦ ስለ አካባቢው በሚነገር አንድ ቃል የመጀመር አሠራር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚጓዝ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ትከሻቸው እየተነካካ ይጓዛሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይለያያሉ። በሥራዬ ምክንያት በዚህ መስመር ለዓመታት የተመላለስሁ እንደ መሆኔ ይህን ዝምታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አለመፈለግ ሳይሆን የመጀመሪያውን ቃል ከየት እንደሚያመጡት አለማወቅ ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ለመጀመሪያው ቃል ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚያቀርበውም መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ ራስዎ ወይም ስለ ሰውየው ሳይሆን ሁለታችሁም በዚያች ደቂቃ ስለምታዩት፣ ስለምትሰሙት ወይም ስለሚሰማችሁ ነገር መናገር ነው።

ይህ መንገድ በአማርኛ ለምን እንደሚያዋጣ

አማርኛ ፊት ለፊት ያለን ሰው ደረጃውን ሳይወስን ሊጠራው አይችልም። «ወዴት ነው የምትሄደው?» ያለ ሰው አንተ ብሏል፤ «የምትሄጂው» ያለ አንቺ ብሏል፤ «የሚሄዱት» ያለ ደግሞ አንቱ ብሏል። እንግዲህ አጠገብዎ የተቀመጡት አርባ ዓመት የሚጠጋቸው ሴት ቢሆኑ ከመጀመሪያዋ ግስ ጀምሮ ችግር ውስጥ ይገባሉ። አንቺ ቢሏቸው ድፍረት ሊሆንብዎ ይችላል፤ አንቱ ቢሏቸው ደግሞ «አስረጀኝ» ብለው ሊከፉ ይችላሉ። ብዙ ጨዋታ ሳይጀመር የሚቀረው በዚህች ጥርጣሬ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው አፉን ከፍቶ እንደገና የሚዘጋው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን የግሱን መጨረሻ መምረጥ አቅቶት ነው።

ስለ አካባቢ የሚነገር ዐረፍተ ነገር ግን ባለቤቱ ጉሙ ነው፣ ዝናቡ ነው፣ መንገዱ ነው። «ጉሙ ዛሬ ወፍሯል» ሲሉ ማንንም አልጠሩም፣ ማንንም ከፍ ወይም ዝቅ አላደረጉም። ደረጃውን የሚወስነው በመልሱ ውስጥ ሰውየው ራሱ ነው፤ እርስዎም የሚከተሉት የእርሱን ምሪት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህች በአንዲት ነገር ላይ ነው።

አስቀድሞ ሰላምታ፣ ከዚያም ትንሽ ዝምታ

ሰላምታ ሳይሰጡ ስለ ጉም ማውራት ነውር ነው። ደግነቱ ሰላምታውም ቢሆን ደረጃ ሳይመርጥ ሊነገር ይችላል። «ጤና ይስጥልኝ» ለወንድም ለሴትም፣ ለወጣትም ለሽማግሌም አንድ ነው። በወንበሩ ላይ ከአንድ በላይ ሰው ካለ ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» ይበቃል። ሰላምታው ከተመለሰ በኋላ ቦርሳዎን ያስተካክሉ፣ ክርንዎን ይሰብስቡ፣ የጎረቤትዎ ነጠላ ወይም የኮት ጫፍ ከሥርዎ ገብቶ እንደሆነ ይመልከቱ።

ከዚያ ወዲያው አይናገሩ። አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ ሰው ሁሉ በሐሳቡ ከሸኚው ጋር ነው፤ ስልክ ይደውላል፣ ዕቃው ላይኛው መደርደሪያ መግባቱን ያያል፣ ትኬቱን ይፈልጋል። መኪናው ሲነሣም አንዱ ያማትባል፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ይላል፣ ብዙው ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል። ያ ዝምታ የጸሎት ስለ ሆነ ይከበር። በእኔ ልምድ የሚበጀው ጊዜ አውቶቡሱ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሲወርድ ነው፤ ሰው በወንበሩ የሚደላደለውና ዓይኑን ወደ መስኮት የሚያዞረው ያን ጊዜ ነውና።

የሚነገርበትን ነገር መምረጥ

የሚመርጡት ነገር በዚያች ቅጽበት ለሁለታችሁም እኩል የቀረበ መሆን አለበት። እርስዎ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ያዩት፣ እርሱ ግን በመተላለፊያው በኩል ሆኖ ያላየው ነገር አይጠቅምም፤ አንገቱን እንዲያስግግ ያስገድደዋል። ያለፈም ነገር አይጠቅምም፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት ያለፋችሁትን መንደር ማንሣት ወሬ ፍለጋ መሆኑን ያሳብቃል።

ደግሞም ነገሩ ተወቃሽ የሌለበት ይሁን። ይህንን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው የሚቀለው መክፈቻ ማማረር ስለሚመስለው ነው። «ሾፌሩ ደግሞ ሲያዘግም!» ያለ ተጓዥ ሾፌሩ የጎረቤቱ ዘመድ ይሁን አይሁን አያውቅም። ዘመድ ባይሆን እንኳ በማማረር የተከፈተ ጨዋታ ከማማረር ሳይወጣ ይቀራል፤ ከሾፌሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወደ ኑሮ ውድነቱ፣ ከኑሮ ውድነቱ ወደማይታወቅበት ስፍራ ይወስዳል። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚጮህ ስልክ፣ ፊት ለፊት የተኛ ሰው፣ እነዚህም ሁሉ ሌላ ሰው የሚነካባቸው ስለ ሆኑ መክፈቻ አይሁኑ።

የቀረው ብዙ ነው፤ ወቅቱ ራሱ ያቀርበዋል። በመስከረም ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል፣ የአውቶቡሱም መስተዋት ከውስጥ በኩል በተጓዡ ትንፋሽ ይሸፈናል። የአጨዳ ወራት ሲሆን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ነዶው ተከምሮ ይታያል። ከሙከጡሪ ወዲያ እስከ ገብረ ጉራቻ ያለው ሜዳ ሰፊ በመሆኑ ዓይን የሚያርፍበት አይጠፋም፤ ጎሃ ጽዮን ሲደረስ ደግሞ መሬቱ ድንገት ይቋረጥና የዓባይ በረሃ ይጀምራል። የዓባይን በረሃ ጨዋታ ለመክፈት የሚያህለው ስፍራ በዚህ መስመር ላይ አላውቅም፤ ምክንያቱን በምሳሌው ላይ አሳያለሁ።

ዐረፍተ ነገሩን መሥራት

ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ሁለት ቁራጭ ያለው ይሁን፤ የመጀመሪያው ቁራጭ የታየውን ነገር ይናገራል፣ ሁለተኛው ነገሩን ያለሰልሰዋል። ማለስለሻዎቹ ሁላችንም በየዕለቱ የምንጠቀምባቸው ናቸው፤ «መሰለኝ»፣ «ይሆን?»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «አይደል?» የሚሉት ማለት ነው። «ብርዱ ዛሬ ጠንከር ብሏል አይደል?» «ገብሱ ደርሷል መሰለኝ።» «ጉሙ ፍቼ ድረስ ይከተለን ይሆን?»

ከነዚህ ውስጥ «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ልዩ ጥቅም አላት። ለሰውየው ሦስት መንገድ ትከፍትለታለች፦ መስማማት፣ ማረም፣ ወይም ዝም ማለት፤ ሦስቱም ከጨዋነት አይወጡም። «ይህ ጫንጮ መሰለኝ» ሲሉት፣ «አይ፣ ጫንጮንማ አለፍነው፤ ይኼ ሙከጡሪ ነው» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፤ ያረመ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላም ይጨምራል። ነገር ግን ስፍራውን በደንብ እያወቁ እንዳላወቀ ሰው ሆነው አይጠይቁ። በኋላ መንገዱን የሚያውቁ መሆንዎ ሲገለጥ ጎረቤትዎ እንደተታለለ ይሰማዋልና።

አንተና አንቱ ከመምረጥ የሚያድኑ ሁለት የግስ መልኮች አሉ። አንደኛው «እኛ» የሚለው ነው፤ «ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሰዓት እንገባ ይሆን?» ማለት ይቻላል። ይህ መልክ ደረጃን ከመሸሽም በላይ ሁለታችሁን በአንድ መንገድ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛው በተደራጊ ግስ የሚነገረው ነው፤ «መጋረጃውን ዝጋው» ወይም «ይዝጉት» ከማለት «መጋረጃው ትንሽ ቢዘጋ ይሻል ይሆን?» ማለት ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከእነዚህ ሁለት መልኮች ሳይወጡ ብዙ ማውራት ይቻላል።

ሲናገሩ ዓይንዎ ወደ ነገሩ ይሁን እንጂ ወደ ሰውየው ፊት አይሁን። ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ድምፅዎን ለሁለት ሰው በሚበቃ ልክ አድርገው፣ ለራስዎም ለእርሱም እንደሚናገሩ ሆነው ይናገሩ። ፊቱን እያዩ ከተናገሩት መልስ መስጠት ግዴታ ይሆንበታል፤ መስኮቱን እያዩ ከተናገሩት ግን መልስ የሚሰጠው ከፈለገ ብቻ ነው። ከተናገሩ በኋላም ዝም ይበሉ። የሚጨነቅ ሰው ዝምታውን ለመሙላት ሁለተኛና ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ይደርባል፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ መግቢያ ያጣል።

መልሱን መስማት

ሀገራችን ውስጥ «አዎ» ለማለት ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህች ትንፋሽ መስማማት ናት፤ ግብዣ ግን አይደለችም። ትንፋሽ ብቻ ሰምተው እንደሆነ፣ ወይም «እህ» ተብሎ ዓይኑ ወደ ስልኩ ከተመለሰ፣ ወይም ነጠላው ወደ ራስ ከተሳበ ሰውየው ዕረፍት ፈልጓልና ይተዉት። ቅር ሊሰኙ አይገባም፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ መናኸሪያ የደረሰ ሰው ቢተኛ የሚደንቅ ነገር የለበትም።

መልሱ ግብዣ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው ከተጠየቀው በላይ ሲጨምር ነው። «አዎ፣ ይበርዳል» ካለ ተስማምቷል፤ «አዎ፣ ትናንትናም እንዲሁ ነበር አሉ» ካለ ግን ትናንትን ከራሱ ጨምሯል፤ የሚቀጥለው ቃልዎ መነሣት ያለበት ከዚያ ከጨመረው ነው። ትከሻው ወደ እርስዎ ዞር ማለቱ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ማውጣቱ፣ ወይም እርስዎ ያዩትን ነገር ለማየት ጎንበስ ማለቱም የዚያው ምልክት ነው።

መልስ ካጡ ሁለተኛ ሙከራ የሚደረገው አካባቢው ሲለወጥ ብቻ ነው። ሱሉልታ ላይ ስለ ብርዱ ተናግረው ዝም ከተባሉ፣ እስከ ጎሃ ጽዮን ዝም ይበሉ። እዚያም ዝም ከተባሉ ሦስተኛ አይሞክሩ። በተለይ ወንድ ሆነው አጠገብዎ የተቀመጠችው ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት ሴት ከሆነች ሁለተኛውንም ቢተዉት ይሻላል፤ መስኮትና ወንበር መካከል ተዘግታ ለተቀመጠች ሴት የደጋገመ ንግግር፣ ቃሉ ስለ ጉም ብቻ ቢሆንም፣ መውጫ ያሳጣታል። እርሷ ራሷ ከጀመረች ግን ሌላ ነገር ነው።

በመልሱ ውስጥ ደረጃውንም ያዳምጡ። «አየህ፣ ይኼ ሁሉ የባቄላ መሬት ነው» ካሉዎትና በዕድሜ የሚበልጡዎት ከሆነ አንተ ተብለዋል፤ እርስዎ ግን አንቱ ማለትዎን ይቀጥሉ፤ «አንቱታውን ተወው» ካልተባሉ በስተቀር ወደ አንተ መውረድ አይገባም። «ልጄ» ካለችዎት እናቴ ማለት ይችላሉ፤ «ወንድሜ» ካለችዎት እህቴ ይበሏት። እርሷ ሳትጀምር እናቴ ማለት ግን ያልተጠየቀ ዕድሜ መስጠት ነው።

አንድ ምሳሌ፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ

አንድ ጊዜ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር፣ አጠገቤ ነጠላቸውን ተከናንበው ዘንቢል ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ እናት ተቀምጠው ነበር። ረዳቱ ዘንቢሉን ወደ ላይ ላውጣልዎት ቢላቸው እምቢ ብለው በሁለት እጃቸው አቀፉት። ጤና ይስጥልኝ ተባብለን ነበር። ሱሉልታ ላይ ስለ ብርዱ ተናግሬ «ምን ይደረግ» ብለው መስኮቱን ማየት ስለ ቀጠሉ ትቼዋለሁ። ስለ ዘንቢሉም አልጠየቅሁም፤ ሰው አቅፎ የያዘው ነገር አካባቢ አይደለም፣ የራሱ ነው።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ። አውቶቡሱ በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወርዳል፤ ረዳቱ ለሚያስመልሰው ሰው ጥቁር ፌስታል እያደለ በመተላለፊያው ያልፋል፤ ጃኬት ለብሶ የነበረው ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል። መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው አየር ግን በዚያው ፍጥነት ስለማይከተል ጆሮ ይደፈናል። ይህ በአንድ አውቶቡስ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሳይነጋገሩ አብረው የሚያውቁት ነገር ነው፤ የዓባይን በረሃ የመረጥሁትም ለዚህ ነው። ሌላውን ስፍራ ጎረቤትዎ ላያየው ይችላል፤ ይህን ግን በራሱ ጆሮ ይሰማዋል።

እኔም ወደ ገደሉ እያየሁ «ጆሮ መድፈን ጀመረ» አልሁ። «ጆሮዬን» አላልሁም፣ «ጆሮዎን»ም አላልሁም። እናትየው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው፣ «ኧረ የእኔማ ከተደፈነ ቆየ፤ ሁልጊዜ እዚህ ስደርስ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» አሉ። «ሁልጊዜ» የምትለዋን ቃል ያዝሁ፤ እርሳቸው ከራሳቸው የጨመሯት እርሷን ነበርና። ነገር ግን ወዲያው ወደ እርሷ አልሄድሁም፤ «ምራቅ ሲዋጥ ይከፈታል» አልሁ። ዋጥ አደረጉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «ውይ! እውነትም። ተባረክ ልጄ።» እንግዲህ ልጄ ተባልሁ፤ ከዚያ በኋላ አንቱና እናቴ ማለት የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

ከዘንቢላቸው ጥግ ሎሚ አወጡ። ልጣጩን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቧጨር አድርገው አሸተቱና ለእኔም አቀበሉኝ፤ ማቅለሽለሽ የሚይዘው ሰው በዚህ ቁልቁለት ሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ይዞ መጓዙ የታወቀ ነው። ድልድዩ ሲታይ «ውኃው ገና አልጎደለም መሰለኝ» አልሁ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውና በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው ይህ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከጎኑ አሮጌው ድልድይ ይታያል። እርሳቸውም ወደ አሮጌው እያመለከቱ፣ «በዚያ ነበር የምናልፈው። ሾፌሩ ዝግ ሲል እኛም ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር» አሉ። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ «ያኔም ወደዚህ ይመላለሱ ነበር ማለት ነው እናቴ?»

ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ተድራ ነበር። አሁን የሚሄዱት ልትወልድ ስለ ደረሰች ለማረስ ነው፤ ዘንቢሉም ለአራስ የሚሆን ገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዟል፤ ቅቤው እንዳይፈስ ነው አቅፈው የያዙት። ያልጠየቅሁት ነገር በራሱ ጊዜ ተነገረኝ። ደጀን እስክንደርስ ያወሩልኝ ልጃቸው ሕፃን ሳለች ስለ ነበረው ነገር ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ከጆሮ ወደ ሎሚ፣ ከሎሚ ወደ ውኃው፣ ከውኃው ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ልጃቸው የተሄደበትን አካሄድ ልብ ይበሉ። ከአካባቢው ወደ ሰውየው ሕይወት የተሻገሩት እርሳቸው ናቸው፤ የእኔ ጥያቄ የተከተለው እርሳቸው የከፈቱትን በር ነው። «አገርዎ የት ነው?» ብዬ ብጀምር ኖሮ ዛሬ በሀገራችን ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው የሚያስጨንቅ ሆኗልና መልሱ አጭርና ጥንቃቄ የተሞላበት ይሆን ነበር። የትውልድ ስፍራን፣ ሃይማኖትን፣ ትዳርንና ደመወዝን በሚመለከት እስኪነገርዎ ድረስ ይጠብቁ።

ሲበላሽ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚታረም

በአንድ የሐምሌ ጉዞ፣ ደምበጫ አካባቢ፣ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበ ሳለ «ዝናቡ ደግሞ አልለቅ አለ እኮ» አልሁ። አጠገቤ የነበሩት አባት መልስ አልሰጡኝም። ጥቂት ቆይተው፣ «ይዝነብ እንጂ! ዘግይቶብን ነው የከረመው» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ነበር። ገበሬ ነበሩ። ለእኔ መጉላላት የነበረው ለእርሳቸው የዓመት እንጀራ ነበር። ስሕተቱ ስለ ዝናብ መናገሬ ሳይሆን ፍርድ መጨመሬ ነው። «ዝናቡ በርትቷል» ብል ኖሮ ደስ ያለውም የከፋውም ሰው የየራሱን መልስ ሊሰጥበት ይችል ነበር። ስለ ሰማይና ስለ መሬት ሲናገሩ የታየውን ብቻ ይናገሩ፤ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑን የሚፈርደው ጎረቤትዎ ይሁን።

ማረሚያው አጭር ነው። «እውነት ነው፣ ለአዝመራው ይበጃል» አልሁና ዝም አልሁ። ማብራራት፣ ይቅርታ መደጋገም፣ «እኔ ለማለት የፈለግሁት…» እያሉ መቀጠል ነገሩን ያከብደዋል። አባትየው ከቆይታ በኋላ ስለ በቆሎው ማውራት ጀመሩ።

መስኮትም የሚያሳስት ነገር ነው። ለእርስዎ ሙቀቱ የሚነገርበት ጉዳይ ቢመስልም፣ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ላይ «ንፋሱ ይመታናል» የሚል ተጓዥ ብዙ ስለ ሆነ መስኮት መክፈትና መዝጋት የጠብ ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ሞቋል» ማለት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤትዎ መስኮት ሊያስከፍቱ እየተዘጋጁ እንደሆነ አድርጎ ሊሰማው ይችላልና የመጀመሪያ ቃል አይሁን።

ምሳ ላይና መለያየት ላይ

አውቶቡሱ ለምግብ ሲቆም ወይም በወንበርዎ ላይ ሆነው ቆሎ ሲያወጡ «እንብላ» ማለት ግዴታ ነው፤ ይህችም ቃል በ«እኛ» የምትነገር ስለ ሆነች አንተና አንቱን አታስመርጥም። ጎረቤትዎ «ይባርክ» ብሎ ካልወሰደ ግን አይጎትጉቱት። ቀኑ የጾም ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም ሌላ መንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው ምግብ አለመቀበል ብዙ ቤተሰብ ልጁን የሚመክረው ጥንቃቄ ነው። የእናትየውን ሎሚ የተቀበልሁት ዓይኔ እያየ ስለ ተቧጨረና እርሳቸው ስላሸተቱት ነው፤ ሌላ ነገር ቢሆን አመስግኜ ልተወው እችል ነበር፣ እርሳቸውም አይከፉብኝም።

ጨዋታው ሲደክም ወደ ጀመረበት ወደ መስኮቱ ይመልሱት። «ደጋው መጣ መሰለኝ» ብሎ ዝም ማለት ጨዋታን ያለ ቅሬታ ያሳርፋል፤ ሰውየውም ቢፈልግ ይተኛል። የስልክ ቁጥር መለዋወጥ የጨዋታው ግብ አይደለም፤ ካልቀረበ አይጠየቅ።

አንዱ ቀድሞ የሚወርድ ከሆነ ዕቃውን ማቀበል ይገባል። ደብረ ማርቆስ ላይ እናትየው ሲነሡ ዘንቢሉን ተቀብያቸው በሩ ድረስ ያዝሁላቸው፤ ቅቤው በእርግጥም ከባድ ነበር። «በሰላም ትገላገል» አልኋቸው። እርሳቸውም ከታች ሆነው ዘንቢላቸውን እየተቀበሉ፣ ለእኔ ብቻ ሳይሆን አውቶቡሱ ውስጥ ለቀረነው ሁሉ፣ «በሰላም ያግባችሁ» አሉ።